ባኮኛ የተባለው አሪኛ ነው?

መዝጋቢዋ፦ መምህር፣ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። አንድ ያረጀ ካሴት እጄ ገብቷል። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ «ባኮኛ፣ ጂንካ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ነገር የለበትም፤ ዓመተ ምሕረትም፣ የተናጋሪው ስምም፣ የቀረጸው ሰውም አይታወቅም። አንድ ሽማግሌ ረጋ ብለው ስለ እርሻ የሚናገሩ ይመስላል። ወደ መዝገብ ከማስገባቴ በፊት በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ማረጋገጥ ፈለግሁ።

መምህሩ፦ ምኑን ታረጋግጫለሽ? እኔ የገዘር ልጅ ነኝ። ባኮ ማለት እዚሁ የእኛው አገር ነው። ወረዳችን ደቡብ አሪና ሰሜን አሪ ተብሎ ከመከፈሉ በፊት ባኮ ገዘር ነበር የሚባለው። በዚያ የሚነገረው አሪኛ ነው። አሪኛ ብለሽ ጻፊና ጨርሺ።

መዝጋቢዋ፦ እርስዎ የተናገሩት ስለ ቦታው ነው። ካሴቱ ግን የሰው ድምፅ ነው። ባኮ የሚባለው ቦታ ራሱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ከአምቦ ወደ ነቀምቴ ሲኬድ፣ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ፣ በበቆሎ ምርምሩ የታወቀ ሌላ ባኮ አለ። እዚያ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። «ጂንካ» የሚለው ባይጨመርበት ኖሮ ይኼን እንኳ መለየት ባልቻልኩ ነበር።

መምህሩ፦ ተጨምሮበታል እኮ። ጂንካ ካለ አለቀ።

መዝጋቢዋ፦ አላለቀም። ጂንካ በቅዳሜ ገበያ ምን ይመስላል? ከአሪ ደጋ የወረደው፣ ከበና የመጣው፣ ማሌው፣ ሙርሲው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ጂንካ ውስጥ የተቀረጸ ሁሉ አሪኛ ነው ማለት አዲስ አበባ ውስጥ የተቀረጸ ሁሉ አማርኛ ነው እንደማለት ይሆናል። ጽሑፉ የሚነግረኝ ካሴቱ የተቀረጸበትን ቦታ ነው፤ ሰውዬው ከየት እንደመጡ አይነግረኝም።

መምህሩ፦ እሺ፣ ጂንካን ተዪው። «ባኮኛ» የሚለውስ? ይኼ ስም ከአሪ ሌላ ለማንም አልተሰጠም።

መዝጋቢዋ፦ በቋንቋ መዘርዝሮች ላይ ለአሪኛ የሚቆጠሩት ስሞች ብዙ ናቸው፤ አሪ፣ አሪኛ፣ አራ፣ አሮ፣ ባኮ። አንዱ ደግሞ እርስዎ ፊት ልጠራው የማልወደው፣ ጥንት መሃል አገር ያለው ሰው ለደቡቡና ለምዕራቡ ሕዝብ በጅምላ የሰጠው «ሻንቅልኛ» የሚለው ነው።

መምህሩ፦ ጥሪው፤ ተጠርቶ ካልታየ እንዴት ይታረማል? አባቶቻችን በዚያ ስም ሲሰደቡ ኖረዋል። ስድብ መሆኑን ግን መዝገብሽ ላይ ጻፊ።

መዝጋቢዋ፦ እጽፋለሁ። ስድብ ከመሆኑ ሌላ፣ ለማረጋገጫም አይጠቅምም። ያው ስም በሱዳን ድንበር ላይ ላለው ጉሙዝኛ ተሰጥቷል፤ በወይጦ ወንዝ አጠገብ ተናጋሪ ላነሰው ኦንጎታም ተሰጥቷል። ሦስቱ የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው። አንድ የቆየ ወረቀት ላይ «ሻንቅልኛ» የሚል ቢያገኙ፣ የቱ ቋንቋ እንደሆነ ስሙ አይነግርዎትም፤ የጻፈው ሰው ለሕዝቡ የነበረውን ንቀት ብቻ ነው የሚነግርዎት።

መምህሩ፦ ይኼ ትክክል ነው። ግን ባኮኛ እንደዚያ አይደለም። ባኮ የስድብ ስም አይደለም፤ ባላባቶቻችን ባቢ ይባላሉ፣ ባኮም ከባቢዎቹ አገር የአንዱ ስም ነው። የእኛ ሰው ጥንት ራሱን ሲጠራ ባቢው ማን እንደሆነ፣ አገሩ የት እንደሆነ ያስቀድም ነበር። አንዱ ባኮ ነኝ ይላል፤ ሌላው ብዮ፣ ሌላው ሻንጋማ፣ ሌላው ጎዛ። ሁሉም አሪ ነው። ስለዚህ «ባኮኛ» ብሎ የጻፈው ሰው የሰማውን ጻፈ እንጂ አልተሳሳተም።

መዝጋቢዋ፦ እኔም አልተሳሳተም እላለሁ። ግን አንድ ስም በሁለት መጠን መሥራቱን ልብ ይበሉ። በእርስዎ አፍ ባኮ የአሪ አንድ ክፍል ነው። ከውጭ መጥቶ መጀመሪያ ባኮ ላይ ባረፈ ጸሐፊ አፍ ደግሞ ባኮ ማለት አሪ ሁሉ ነው። ካሴቱ ላይ የጻፈው ሰው ከሁለቱ በየትኛው መጠን እንደጻፈ አላውቅም። ሻንጋማ የተቀረጸውንም «ባኮኛ» ሊለው ይችል ነበር።

መምህሩ፦ እንግዲያው ኮድ አለ አይደል? ዓለም ሁሉ የሚሠራበት። ኮዱን ጻፊና ስሙ የፈለገውን ይሁን።

መዝጋቢዋ፦ ኮዱማ አለ። የአሪኛ ባለ ሦስት ፊደሉ ኮድ `aiw` ነው። የሐመርና የበና `amf`፣ የዲሜ `dim`። ግን ኮዱ የሚጠቅመው ቋንቋው ከታወቀ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ከገባ ስሕተቱን ያጸናዋል። አንድ ሰው ስሙን አይቶ `ari` ብሎ ቢያስገባ፣ ያ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት የአሪካራዎች ቋንቋ ኮድ ነው። «አሪ» የሚባል ቋንቋ ደግሞ ፓፑዋ ኒው ጊኒም ውስጥ አለ፤ የእሱ `aac` ነው። በ`ari` የተመዘገበ የገዘር ሽማግሌ ተረት አሜሪካ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ከገዘር የሚፈልገው ሰውም አያገኘውም።

መምህሩ፦ ያስፈራል። እሺ፣ በምን ነው የምታረጋግጪው? እኔ ካሴቱን ሰምቼ «አዎ፣ የእኛ ነው» ብልሽ አይበቃም?

መዝጋቢዋ፦ ብቻውን አይበቃም። በእርስዎ ላይ ጥርጣሬ ኖሮኝ አይደለም፤ በጥያቄዬ ላይ ነው። «ይኼ አሪኛ ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ መልሱን አስቀድሜ አፍዎ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። እንግዳን ማሳፈር የማይወድ ሰው «አዎ» ይላል። ስለዚህ ስም ሳልጠራ፣ ድምፁን አሰምቼ «ይኼ ሰውዬ ከየት ነው? በምን ቋንቋ ነው የሚናገረው? የሚለውን በራስህ አነጋገር ንገረኝ» እላለሁ። በዚያውም ላይ ሌሎች አጫጭር ቅጂዎችን አደባልቃለሁ፤ አንድ የሐመር፣ አንድ የዲሜ። ሰሚው እነዚያንም «የእኛ ነው» ካለ ምስክርነቱን አልወስድም። ለይቶ ካስቀመጣቸው ግን ቃሉ ክብደት አለው። ደግሞ አንድ ሰው አይበቃም፤ ከተለያየ ቦታ የመጡ ሦስት ሰዎችን፣ አንዱ የሌላውን መልስ ሳይሰማ፣ ለየብቻ እጠይቃለሁ።

መምህሩ፦ ይኼ ጥሩ ነው። ግን እኛ የጂንካ አካባቢ ሰዎች የጎረቤት ቋንቋ እንሰማለን። ቀይ አፈር ገበያ የሚሄድ አሪ የበናን ቋንቋ ይረዳል። የሚለውን በትክክል ቢነግርሽ፣ የራሱ ቋንቋ ስለሆነ ነው ወይስ ስለለመደው፣ በምን ታውቂያለሽ?

መዝጋቢዋ፦ አላውቅም፤ ለዚያ ነው ወደ ቋንቋው ውስጥ የምገባው። መጀመሪያ የምፈልገው ተውላጠ ስሞችን ነው፤ «እኔ»፣ «አንተ»፣ «እሱ»፣ «እሷ»። እነዚህ ከጎረቤት በቀላሉ አይወሰዱም። በአሪኛ «እኔ» ኢታ ነው፣ «አንተ» ኣና፣ «እሱ» ኖ፣ «እሷ» ና።

መምህሩ፦ ልክ ነሽ።

መዝጋቢዋ፦ ሐመርና በና «እኔ»ን ኢንታ ይላሉ። ከኢታ ጋር ይቀራረባል፤ ካሴቱ ያረጀ ሆኖ ድምፁ ሲሻክር «ን»ዋ ትጠፋለች። ስለዚህ በ«እኔ» ብቻ አልፈርድም። «እሱ»ን ግን ኪዲ፣ «እሷ»ን ኮዲ ይላሉ። ከኖና ከና ጋር በጭራሽ አይምታታም። ሽማግሌው ስለ ሌላ ሰው ሲያወሩ ኪዲ፣ ኮዲ ካሉ፣ ሽፋኑ ላይ ምን ቢጻፍ አሪኛ አይደለም።

መምህሩ፦ ዲሜስ?

መዝጋቢዋ፦ ዲሜ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። «እሱ» ኑ፣ «እሷ» ና ስለሆነ ወደ አሪኛው ይጠጋል። እዚያ ላይ የሚለየኝ «እኔ» ነው፤ ዲሜው ኣቴ ይላል። አዩ መምህር፣ አንዱ ቃል ከሐመር ይለየኛል፣ ሌላው ከዲሜ። ሁለቱን አንድ ላይ ካላየሁ ግማሽ መንገድ ላይ እቀራለሁ። ማሌ ከሆነ «እኔ» በ«ታ» ይጀምራል፤ እንደ ወላይታና እንደ ሌሎቹ የኦሞቶ ቋንቋዎች ነው። እሱ ቶሎ ይታወቃል።

መምህሩ፦ ቁጥርስ? ልጅ ሲማር መጀመሪያ የሚቆጥረው ቁጥር ነው። ለምን በቁጥር አትለዪም?

መዝጋቢዋ፦ ብዙ ሰው የሚወድቅበት እዚያ ነው። ሦስትን አሪም ሐመርም ማካን በሚመስል ቃል ይጠሩታል፤ አራትም በሁለቱ ዘንድ ኦይዲ ነው። ሽማግሌው ሦስት በሬ፣ አራት በሬ ሲሉ ብሰማ ምንም አላተረፍኩም። ሁለት ላይ ግን ይለያያሉ፤ ሐመሩ ላማ ይላል፣ አሪው ቃስከን በሚመስል ቃል ነው የሚጠራው። ላማ ደግሞ ኦሮምኛውንም ይመስላል። ስለዚህ የሚለይ ቃልና የማይለይ ቃል አለ፤ የትኛው የት እንደሚለይ ሳያውቁ መቶ ቃል መሰብሰብ ድካም ብቻ ነው።

መምህሩ፦ እሺ፣ ቀጥዪ። ካሴቱን ሰምተሻል አይደል? ምን አገኘሽ?

መዝጋቢዋ፦ ኢታ አለ፤ ደጋግሞ። ኖም አለ። አንድ ቦታ ሽማግሌው ስለ እናታቸው ሲናገሩ ና ይላሉ። ኪዲም ኮዲም አንድም ጊዜ አልመጣም። ኣቴ የሚባል አልሰማሁም። ከሐመርም፣ ከዲሜም፣ ከማሌም ወጣሁ።

መምህሩ፦ ታዲያ እኔ መጀመሪያ ላይ ካልኩሽ ምን ተለየ? አሪኛ ነው። ይኼን ሁሉ ዞረሽ እኔ ካለሁበት ደረስሽ።

መዝጋቢዋ፦ እርስዎ ካሉበት አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ ነው የቆምኩት። ወደ ሰሜን አሪ፣ ወደ ገሊላ በኩል የሚነገረው አለ። በዓለም አቀፉ መዝገብ ጋይል ተብሎ የራሱ ኮድ አለው፤ `gyl`። ገሊላ የሚለው እንደ አማራጭ ስሙ ተጽፏል። የእኔ ተውላጠ ስሞች ይኼን ከአሪኛ አይለዩልኝም። ካሴቱ `aiw` ይሁን `gyl` አላውቅም።

መምህሩ፦ አሁን ጉዳዩ ላይ ደረስሽ፤ እኔም ከዚህ በኋላ አልስማማሽም። ገሊላ አሪ ነው። በዓላችን፣ ባቢያችን፣ ጋብቻችን አንድ ነው። ባሕር ማዶ የተቀመጠ ሰው ሦስት ፊደል ስለሰጠው ሌላ ቋንቋ ሊሆን ነው?

መዝጋቢዋ፦ ኮዱን የሚሰጡት ሰዎች እንዳሻቸው አይደለም የሚሰጡት። የጻፉት መመዘኛ አለ። መጀመሪያ የሚያዩት አንዱ የሌላውን ሳይማር ይሰማዋል ወይ የሚለውን ነው። መሰማማቱ ለመለየት የሚያስቸግር መካከለኛ ሲሆን፣ የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ ወይም «አንድ ሕዝብ ነን» የሚል የጋራ ማንነት ካላቸው አንድ ቋንቋ ሊባሉ ይችላሉ። የተገላቢጦሹም አለ፤ ቢሰማሙም እንኳ ለየብቻ የቆየ ማንነት ካላቸው ሁለት ሊባሉ ይችላሉ።

መምህሩ፦ እንግዲህ በራሳቸው መመዘኛ ገሊላ አሪ ነው። ማንነቱ አንድ ነው ብዬሻለሁ።

መዝጋቢዋ፦ መሰማማቱ መካከለኛ ከሆነ ነው። ጭራሽ የማይሰማሙ ከሆነ ማንነት ብቻውን አይበቃም። ያንን ደግሞ በወሬ አላውቀውም። የሚለካበት መንገድ አለ። ከገሊላ አንድ ሰው የራሱን ታሪክ ሁለት ሦስት ደቂቃ እንዲያወራ ይቀረጻል። ከታሪኩ አሥር ያህል ጥያቄ ይወጣል። ጥያቄዎቹ መጀመሪያ እዚያው ገሊላ ላሉ ሰዎች ይቀርባሉ፤ የገዛ ሰዎቹ የማይመልሱት ጥያቄ ጥፋቱ የጥያቄው ስለሆነ ይጣላል። ከዚያ ታሪኩ ገዘር ላይ ይሰማል። ገዘር ያለው ሰው ምን ያህሉን ይመልሳል? ዋናው ነገር ገሊላ ሄዶ የማያውቅ፣ ከዚያ ያላገባ ሰው መምረጥ ነው። ሴት ልጅ፣ ከሰፈሯ ያልራቀች፣ ከሁሉ የተሻለች ሰሚ ትሆናለች።

መምህሩ፦ ከዚያስ? ሰባት ከአሥር መለሰች እንበል። ሰባት ዘዬ ነው፣ ስድስት ቋንቋ ነው የሚለው ማን ነው? መስመሩን ድምፁ ውስጥ አታገኚውም፤ መስመሩን የሚያሰምረው ሰው ነው። ሐመርና በና ራሳቸውን ሁለት ሕዝብ ይላሉ፣ አንቺ ግን በአንድ ኮድ `amf` ብለሽ አስገባሻቸው። እኛ ራሳችንን አንድ ሕዝብ እንላለን፣ ለእኛ ሁለት ኮድ ሰጣችሁን። ለእነሱ መሰማማቱን አየሽ፣ ለእኛ ደግሞ ልዩነቱን። ለምን?

መዝጋቢዋ፦ ጥያቄዎ ከባድ ነው። የሐመርና የበና ሰው ሳይማር ይግባባል፤ እዚያ ላይ ክርክር አይነሳም። ጋይልን በተመለከተ ግን መለየቱ የተወሰነው ብዙ ማስረጃ ተሰብስቦ አይመስለኝም። መዝገቡ ሊለወጥ የሚችል ነው። ኮዱን የሚያስተዳድረው ኤስ አይ ኤል በየዓመቱ የለውጥ ጥያቄ ይቀበላል፤ ሁለት ኮድ ወደ አንድ ይጠቅለል ብሎ ማንም ሰው ምክንያቱን ጽፎ ማመልከት ይችላል። አሪ በ2015 ዓ.ም. በራሱ ስም ዞን ሆኗል፤ ከዚያ የሚመጣ ማመልከቻ ክብደት ይኖረዋል።

መምህሩ፦ ማመልከቻ እንጽፋለን። ይኼ ግን የአንቺን ካሴት አያረጋግጥም። ነገ ኮዱ አንድ ቢሆን፣ ሽማግሌው ትናንት የተናገሩት አልተለወጠም።

መዝጋቢዋ፦ እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። ለዚህ ነው ስምን፣ ቦታንና ኮድን በአንድ ሳጥን የማልጨምራቸው። «በሽፋኑ ላይ የተጻፈ፦ ባኮኛ፣ ጂንካ» የሚለውን ሳላርም እንዳለ እጽፋለሁ። «ተናጋሪው ቋንቋውን ምን ይለዋል» የሚለው ባዶ ይሆናል፤ ማንም አልጠየቃቸውምና። «ሰሚዎች ምን አሉ» በሚለው ሥር ከየት እንደሆኑና መቼ እንደተናገሩ ይገባል። «በምን ተለየ» በሚለው ኢታ፣ ኖ፣ ና የተሰሙበትን ደቂቃ እጽፋለሁ፤ ነገ የሚመጣ ሰው ከፍቶ ራሱ እንዲሰማ። ኮዱን መጨረሻ ላይ።

መምህሩ፦ ምን ብለሽ? `aiw` ወይስ `gyl`?

መዝጋቢዋ፦ ለአሁኑ ሁለቱንም አልጽፍም። ለኦሞቲክ ቋንቋዎች በሙሉ የሚሆን `omv` የሚባል የቤተሰብ ኮድ አለ። የማውቀው እስከዚያ ከሆነ እስከዚያ ነው የምጽፈው።

መምህሩ፦ ይኼ ጥንቃቄ ሳይሆን መሸሽ ነው! የገዘር ልጅ ነገ አያቱን ፍለጋ ሲመጣ «አሪኛ» ብሎ ነው የሚፈልገው። «ኦሞቲክ» ብሎ የሚፈልግ የልጅ ልጅ የለም። ከ100 አንድ እንዳትሳሳቺ ብለሽ ከ99ኙ ልትደብቂው ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አሪ ነኝ ያለው ሰው ወደ 290 ሺህ ይጠጋል፤ ያ ሁሉ ሰው የራሱን ድምፅ በራሱ ስም ማግኘት አለበት።

መዝጋቢዋ፦ ስሞቹ ሁሉ ይገባሉ እኮ። አሪ፣ አሪኛ፣ ባኮ፣ በላቲንም `Aari`፣ `Ari`፣ `Bako`፤ በማንኛውም የሚፈልግ ያገኘዋል። «አሪኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ከገሊላው አልተለየም» ብዬ እጽፍበታለሁ። የሚፈልገው ሰው እንዲያገኘው ስም ይበቃል። ኮድ ግን በሌሎች ሰዎች ሥራ ውስጥ ሳይጠየቅ ይገባል፤ መዝገበ ቃላት ሲሠራ፣ ፊደል ሲቀረጽ፣ የትምህርት መጽሐፍ ሲዘጋጅ። እዚያ የገባ ስሕተት ማን እንዳስገባው አይታወቅም።

መምህሩ፦ የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጀውስ «ሳይሆን አይቀርም» የሚለውን ያነባል ብለሽ ነው?

መዝጋቢዋ፦ ካላነበበ እንኳ `omv` የሚለው ያቆመዋል።

መምህሩ፦ ወይም ያልፈዋል። ስሚኝ፣ ገሊላ የማውቃቸው ሰዎች አሉ። ካሴቱን ስጪኝና ይዤው ልሂድ።

መዝጋቢዋ፦ ግልባጩን እሰጥዎታለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ስም ሳይጠሩ ያሰሟቸው። «የእኛ ነው?» አይበሉ። «ሽማግሌው ስለ ማን እርሻ ነው የሚያወሩት? ምን ደረሰባቸው?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ «የትኛው ባቢ አገር ሰው ይመስላችኋል?» የሚለውን ያስከትሉ።

መምህሩ፦ «የእኛ ነው፣ እኛ ግን አሪ አይደለንም» ቢሉኝስ?

መዝጋቢዋ፦ ያሉትን በቃላቸው ይጻፉልኝ፤ እርስዎ ባይስማሙበትም።